ነጠላ ወለድና ድርብ ወለድ፦ 40,000 ብር በአምስት ዓመት ስንት ይሆናል?

ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር

ትናንት ስለ ምርት ዋጋና ስለ ሽያጭ ወቅት ተነጋግረናል። ዛሬ ደግሞ ከሽያጩ በኋላ ቁጠባ ውስጥ የሚገባውን ገንዘብ እናያለን። ስለ ቁጠባ ጥቅም አልሰብክላችሁም፤ እዚህ የተቀመጣችሁት ቆጣቢዎች ስለሆናችሁ ነው የተመረጣችሁት። የማሳያችሁ በደብተራችሁ ላይ ያለው ወለድ እንዴት እንደሚሰላ ነው። ስሌቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ዓመት ውስጥ አይለያዩም፣ ዓመታት ሲደራረቡ ግን በጣም ይራራቃሉ።

ባለፈው ዓመት በአንድ ቀበሌ ይህንኑ ሳስተምር እኔው ራሴ ተሳስቼ ነበር። «40,000 ብር በ7 በመቶ አምስት ዓመት ቢቀመጥ ሰባት በአምስት 35 በመቶ ነው፣ ስለዚህ 14,000 ብር ይወልዳል» አልኩና ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው «የእኔ ወልዳ ጥጃዋ ጊደር ሆና ስትወልድ፣ የጥጃዋን ልጅ አልቆጥርም እንዴ?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው፤ ወለዱ ራሱ እንደሚወልድ ረስቼ ነበር።

የእሳቸውን ላም እንያዝ። ላሟ በየዓመቱ ጥጃ ትወልዳለች እንበል። ጥጃዋን በተወለደች ቁጥር ብትሸጡ ሁልጊዜም ያላችሁ አንዲት ላም ነው፤ በየዓመቱ የምታገኙትም የአንዲት ላም ጥጃ ብቻ ነው። ይህ ነጠላ ወለድ ነው። ጥጃዋን አሳድጋችሁ ጊደር ብታደርጓት፣ ከዚያም እሷ ብትወልድ፣ በረቱ ውስጥ የሚወልዱት እየበዙ ይሄዳሉ። ይህ ድርብ ወለድ ነው፤ የወለድ ወለድ የሚሉትም አሉ። በአማርኛ «ወለድ» የሚለው ቃል ራሱ ከመውለድ የመጣ ስለሆነ ምሳሌው ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደ ብሩ እንግባ። አንድ አርሶ አደር ሁለት በሬ አድልቦ ሸጦ ወጪውን ካነሣ በኋላ 40,000 ብር ቁጠባ ውስጥ አስገባ እንበል። ወለዱን 7 በመቶ አድርገን እንይዛለን። ይህን ቁጥር የመረጥኩት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ስላሳደገውና ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት ነው። የእናንተ ተቋም የሚከፍለው ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ቀይሩ፤ መንገዱ አንድ ነው።

7 በመቶ ማለት ለእያንዳንዱ መቶ ብር 7 ብር ማለት ነው። 40,000 ብር ውስጥ 400 መቶዎች አሉ፤ 400 ጊዜ 7 ደግሞ 2,800 ብር ነው። በስልካችሁ መደመሪያ ከሠራችሁት 40,000 × 0.07 ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ከዚህ በላይ የሚከብድ ስሌት ዛሬ የለም።

በነጠላ ወለድ ይህ 2,800 ብር በየዓመቱ ሳይለወጥ ይመጣል። በአምስት ዓመት 14,000 ብር ይሆናል፤ ከዋናው ጋር 54,000 ብር። እኔ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ይህንን ነው።

በድርብ ወለድ ግን በዓመቱ መጨረሻ 2,800 ብሩ ከዋናው ጋር ይደመራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ወለዱ የሚሰላው በ42,800 ብር ላይ ነው። ዓመት በዓመት እንሂድበት።

1ኛ ዓመት፦ ወለድ 2,800.00፤ ቀሪ 42,800.00
2ኛ ዓመት፦ ወለድ 2,996.00፤ ቀሪ 45,796.00
3ኛ ዓመት፦ ወለድ 3,205.72፤ ቀሪ 49,001.72
4ኛ ዓመት፦ ወለድ 3,430.12፤ ቀሪ 52,431.84
5ኛ ዓመት፦ ወለድ 3,670.23፤ ቀሪ 56,102.07

ሁለተኛውን ዓመት ልብ በሉ። ወለዱ በ196 ብር ጨምሯል። ይህ 196 ብር ከየት መጣ? የ2,800 ብሩ 7 በመቶ ነው፤ የጥጃዋ ልጅ ማለት ነው። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ከነጠላው 2,102 ብር ይበልጣል። ይህ ብዙ ላይመስላችሁ ይችላል። አሥር ዓመት ሳይነካ ቢቆይ ግን በነጠላ 68,000፣ በድርብ 78,686 ብር ይሆናል። በአምስት ዓመት 2,102 የነበረው ልዩነት በአሥር ዓመት 10,686 ብር ደረሰ፤ ዓመቱ እጥፍ ሲሆን ልዩነቱ አምስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ዝርዝሩን መጻፍ የሰለቸው ሰው አቋራጭ አለው። በየዓመቱ ቀሪው በ1.07 ይባዛል። ስለዚህ 40,000 ብላችሁ ጽፋችሁ አምስት ጊዜ በ1.07 አባዙት፤ 56,102 ይመጣል። ስምንት ዓመት ከሆነ ስምንት ጊዜ። ወለዱ 8 በመቶ ከሆነ በ1.08። አንዳንዱ ሰው 1.7 ብሎ ይጽፍና ገንዘቡ ወዲያው ሲያብጥ ደስ ይለዋል፤ ዜሮዋን አትርሱ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ሁለት ተቋማት አሉ እንበል። አንዱ 7 በመቶ ድርብ ይከፍላል። ሌላው 8 በመቶ ይላል፤ ግን ነጠላ ነው፣ በየዓመቱ 3,200 ብር በእጃችሁ ይሰጣችኋል ወይም ወለድ ወደማይታሰብበት ሌላ ሒሳብ ያዛውረዋል። የትኛው ይሻላል? አፋችሁ ላይ የመጣው 8 እንደሆነ አውቃለሁ። በአራት ዓመት ባለ 8ቱ 52,800 ብር ሲሆን፣ ባለ 7ቱ 52,431 ብር ከ84 ሳንቲም ነው፤ ስለዚህ እስከ አራተኛው ዓመት 8 ይበልጣል። በአምስተኛው ዓመት ግን ባለ 8ቱ 56,000፣ ባለ 7ቱ 56,102 ብር ይሆናል። ባለ 7ቱ አለፈው። በአሥረኛው ዓመት 72,000 እና 78,686 ብር ነው። ስለዚህ መልሱ ገንዘቡን ስንት ዓመት እንደምታስቀምጡት ይወሰናል። በሦስት ዓመት ውስጥ ቤት ለመሥራት የሚያወጣው ሰው 8 ነጠላውን ቢይዝ አይሳሳትም። ለልጁ ትምህርት አሥር ዓመት የሚያስቀምጥ ሰው ግን 8 የሚለውን ጽሑፍ አይቶ ከገባ ከ6,600 ብር በላይ ጎደለበት።

ተቋሙ ነጠላ ወይም ድርብ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ቃሉን ብትጠይቁ ሠራተኛውም ሊያምታታው ይችላል። ደብተሩን እዩ። ምንም ሳታስገቡና ሳታወጡ፣ የወለዱም መጠን ሳይቀየር ሁለት ዓመት ያለፈበትን ገጽ ፈልጉና የሁለተኛውን ዓመት ወለድ ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ። ሁለተኛው ከፍ ካለ ድርብ ነው፤ እኩል ከሆነ ነጠላ ነው። ደብተሩ አዲስ ከሆነ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ወለዱ ከዋናው ጋር የሚደመረው መቼ ነው?» በሉ። «በዓመት አንዴ» ወይም «በየስድስት ወሩ» ካሏችሁ ድርብ ነው። «አይደመርም፣ ትወስዱታላችሁ» ካሏችሁ ነጠላ ነው።

በየስድስት ወሩ የሚደምር ተቋም ትንሽ ይበልጣል። በእኛ ምሳሌ በመጀመሪያው ስድስት ወር 3.5 በመቶ፣ ማለትም 1,400 ብር ይገባል፤ ቀጣዩ ስድስት ወር በ41,400 ላይ ስለሚሰላ 1,449 ብር ይሆናል። በዓመቱ 49 ብር ብልጫ አለው። በአምስት ዓመት 56,424 ብር ገደማ ይደርሳል። ይህ ከዓመታዊው በ322 ብር ብቻ ስለሚበልጥ፣ ለዚህ ብላችሁ ሩቅ ከተማ አትመላለሱ።

የሚቀጥለው ጉዳይ ተቋሙን ሳይሆን እናንተን ይመለከታል። ድርብ ወለድ የሚከፍል ተቋም ውስጥ ሆናችሁ በየዓመቱ ወለዱን ብቻ እያወጣችሁ የምትበሉ ከሆነ፣ ነጠላ ወለድ ያደረጋችሁት እናንተው ናችሁ። ከሰዎቹ ብዙዎቹ «ዋናውን አልነካሁም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ጊደሯን ግን ሸጠዋታል። ያው አርሶ አደር በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የተጠራቀመውን 5,796 ብር ወለድ ለማዳበሪያ አወጣ እንበል። ቀሪው 40,000 ብር በሦስት ዓመት 49,001 ብር ከ72 ሳንቲም ይሆናል። ያወጣውን ብንመልስበት እንኳ ድምሩ 54,797 ብር ነው፤ ሳይነካው ቢቆይ ከሚደርስበት 56,102 ብር በ1,304 ብር ያንሳል። ያ 1,304 ብር የ5,796 ብሩ የሦስት ዓመት ወለድ ነው።

ይህን ስላችሁ ማዳበሪያ ሳትገዙ ወለድ ጠብቁ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው የሚሳሳት አለ። ወለዱን እንዳይነካ ብሎ 5,796 ብሩን ከብድር ተቋም በ15 በመቶ ይበደራል። በዓመቱ 869 ብር የብድር ወለድ ይከፍላል፤ ያልነካው ቁጠባ ደግሞ በዚያው ዓመት ያስገኘለት 406 ብር ነው። 463 ብር ከሰረ። የብድር ወለድ ከቁጠባ ወለድ ስለሚበልጥ፣ የራስ ቁጠባ እያለ ለዚያው ወጪ መበደር ስሌቱ አያወጣም። ለማዳበሪያው በጊዜ የሚመለስ ሌላ ገንዘብ ከሌላችሁ ከቁጠባው አውጡ፤ ምርቱ ሲሸጥ ያንኑ ያህል መልሳችሁ አስገቡ።

ስሌታችን ሁለት ነገሮችን አልያዘም። አንደኛ፣ ባንክ ከወለዱ ላይ ግብር ቀንሶ ስለሚያስገባ ደብተራችሁ ላይ የምታዩት ከእኔ ቁጥር ጥቂት ያንሳል፤ ያ ስህተት አይደለም። ሁለተኛ፣ ስሌቱ የሚቆጥረው ብርን እንጂ ብሩ የሚገዛውን አይደለም። ባለፉት ዓመታት የዕቃ ዋጋ በዓመት ከ7 በመቶ በላይ ሲጨምር አይታችኋል፤ 40,000 ብር ዛሬ የሚገዛውን በሬ 56,102 ብር ከአምስት ዓመት በኋላ ላይገዛው ይችላል። ስለዚህ እኔ በበኩሌ የሁለት በሬ ገንዘብ በሙሉ ለአሥር ዓመት ይተኛ አልልም። ለክፉ ቀንና ለልጆች ትምህርት የታሰበው ይቀመጥ፣ የተረፈው ጊደር ይግዛበት።

ከሰዓት በኋላ የየራሳችሁን የቁጠባ ደብተር ይዛችሁ ኑ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ የባለፉትን ዓመታት ወለድ እንፈትሻለን። ያልተስማማ ቁጥር ያገኘ ሰው ቀኑንና ገጹን ይጻፍልኝ፤ ወደ ተቋሙ አብረን ሄደን እንጠይቃለን።