የቅዳሜው ገቢ በየትኛው ደብተር ይግባ?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ብዙዎቻችሁ ስለ ታክስ እንድንነጋገር ጠይቃችሁ ነበር። ታክስ ሰፊ ነገር ስለሆነ ዛሬ አንዱን ጫፍ ብቻ እንይዛለን። እሱም ከደመወዛችን ውጭ ቅዳሜና እሑድ የምናገኘው ገንዘብ ነው። አብዛኞቻችን በሳምንቱ ቀናት በአረጋውያን መጦሪያ፣ በሆቴል ወይም በመኪና ማቆሚያ ተቀጥረን እንሠራለን። ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ ሹሩባ እንሠራለን፣ ለድግስ እናበስላለን፣ ልጅ እንጠብቃለን። ከደመወዛችን ላይ አሠሪው ታክሱን ይቆርጥና በጥር ወር ደብልዩ ቱ ይልክልናል። ከቅዳሜው ገንዘብ ላይ ግን ማንም አይቆርጥልንም፤ ማንም አይመዘግብልንም።

መጀመሪያ አንድ በሰፊው የሚወራ ነገር እናጥራ። «1099 የሚባለው ወረቀት ካልመጣ ማስታወቅ የለብንም» ይባላል፤ ትክክል አይደለም። ወረቀቱ ገንዘብ የከፈለው ወገን የሚልከው ማሳወቂያ ነው። ሹሩባ ያሠራች ደንበኛ እንዲህ ያለ ወረቀት አትልክም፤ ዜልም አይልክም። ገቢው ግን ያው ገቢ ነው። ከግል ሥራ ወጪ ተቀንሶ የቀረው ትርፍ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ፣ ደመወዝ ቢኖረንም ባይኖረንም፣ ለአይ አር ኤስ ማስታወቅ ግዴታ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እኅት አለች እንበል፤ ስሟንም አልማዝ እንበላት። አላገባችም። በመጦሪያ ቤት ተቀጥራ በዓመት 41,000 ዶላር ታገኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከደንበኞቿ ቤት እየሄደች ሹሩባ ትሠራለች፤ በሳምንት ሁለት ሰው፣ በአማካይ በ110 ዶላር። በ2025 100 ያህል ሰው ሠርታ 11,000 ዶላር ተቀበለች። ከዚህ ውስጥ 7,200ው በዜል፣ 3,800ው በጥሬ ገንዘብ የመጣ ነው።

አልማዝ ምንም ሳትመዘግብ የካቲት ላይ የባንክ ወረቀቷን ይዛ ብትመጣ ምን እናያለን? ከዜል የገባ የገንዘብ ዝርዝር ብቻ። ከዚያ ውስጥ የሹሩባው የትኛው ነው? እኅቷ የቤት ኪራይ ድርሻዋን ልካለች። ጓደኛዋ የተበደረችውን መልሳለች። ከሁሉም የሚያስቸግረው ደግሞ እቁቡ ነው። አልማዝ አሥር ሰዎች ሆነው በየወሩ 500 ዶላር የሚጥሉበት እቁብ አላት። ዕጣው የወጣላት ወር ዘጠኙ ሰዎች እያንዳንዳቸው 500 ዶላር በዜል ላኩላት። እቁብ ራሳችን የጣልነው ገንዘብ ተመልሶ ሲመጣ ነው፤ ገቢ አይደለም፤ ታክስም የለበትም። ይህን ግን እኛ እናውቀዋለን እንጂ የባንኩ ወረቀት አይናገረውም። አይ አር ኤስ የአንድን ሰው ሂሳብ ሲመረምር ወደ ባንክ የገባውን ሁሉ ደምሮ «ይህ ከየት መጣ?» ማለት ይችላል፤ ገቢ አለመሆኑን ማስረዳት ያለባት ባለሂሳቧ ናት። ስለዚህ የእቁቡ ዝርዝር፣ ማን በየትኛው ወር እንደጣለና ለማን እንደወጣ የሚያሳየው ወረቀት፣ ከታክስ ሰነዶች ጋር ይቀመጥ። የእቁቡ ሰብሳቢ በደብተሩ የያዘውን ገጽ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል።

እንዲህ ያለውን መደባለቅ ከሥሩ የሚያጠፋው ግን ሌላ የባንክ ሂሳብ መክፈት ነው። የንግድ ሂሳብ መሆን የለበትም፤ በስማችን የተከፈተ ሁለተኛ ተራ ሂሳብ ይበቃል። የሹሩባው ዜል በዚያ ብቻ ይገባል፤ የፀጉሩና የቅባቱ ግዢም በዚያው ካርድ ይከፈላል። እቁብ፣ እድርና የኪራይ ድርሻ በፊተኛው ሂሳብ ይቀራሉ። ይህን ያደረጉ አባላት ዘንድ የታክስ ሥራው ግማሹ ተጠናቅቆ ነው የሚመጣው።

የቀረው ግማሽ ጥሬ ገንዘቡ ነው፤ ለእሱ ደብተር እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። ቅዳሜ ማታ ከመተኛት በፊት አንድ መስመር መጻፍ ነው፦ ቀን፣ የደንበኛዋ ስም፣ ምን እንደተሠራ፣ ስንት እንደተከፈለ፣ በዜል ወይስ በእጅ። በወሩ መጨረሻ በዜል የተጻፈውን ደምረን ከሁለተኛው ሂሳብ ጋር እናስተያየዋለን። ልዩነት ካለ የረሳነው ቅዳሜ አለ ማለት ነው፤ በዚያው ወር ስለሆነ ደንበኛዋን ጠይቀን እናገኘዋለን። በዓመቱ መጨረሻ ግን ማን ያስታውሳል?

አሁን ወደ ወጪው እንሂድ፤ ደረሰኝ ብር የሚሆነው እዚህ ላይ ነውና። የካርዱ ዝርዝር ከመደብሩ 86 ዶላር እንደተከፈለ ይነግረናል፤ ምን እንደተገዛ ግን አይነግረንም። በዚያው ግዢ ለራሳችን ሻምፖ ገዝተን ይሆናል፤ እሱ የሥራ ወጪ አይደለም። ይህን የሚለየው ደረሰኙ ነው። የመደብር ደረሰኝ ደግሞ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ፣ በመኪናው መሳቢያ ውስጥ አንድ በጋ ሲያልፍበት ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከመደብሩ ሳንወጣ ፎቶ እናንሳውና በስልካችን ላይ ለብቻው አንድ አልበም ውስጥ እናስገባው። የሥራ ያልሆነውን መስመር በእስክሪብቶ ሰርዘን ብናነሳው የበለጠ ይመቻል።

አልማዝ በዓመቱ ለፀጉር 2,140፣ ለቅባትና ለማበጠሪያ 310 ዶላር አወጣች። የስልኳ ክፍያ በዓመት 720 ዶላር ነው፤ አንድ አራተኛው ለደንበኞች የምትጠቀምበት ስለሆነ 180 ያዝንላት። ቀጥሎ መኪናው አለ።

በመኪናው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ2025 ለሥራ ለተነዳ ለእያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም መቀነስ ይቻላል፤ መጠኑ በየዓመቱ ይለወጣል። ቤንዚኑም ጥገናውም በዚያ ውስጥ አለ፤ የቤንዚን ደረሰኝ ደግመን አንደምርም። ግን የትኛው ማይል ነው የሥራ? ጠዋት ከቤት ወደ መጀመሪያዋ ደንበኛ፣ ማታም ከመጨረሻዋ ደንበኛ ወደ ቤት የሚነዳው እንደ ተራ የሥራ ምልልስ ይቆጠራል፤ አይቀነስም። ከመጀመሪያዋ ደንበኛ ወደ ሁለተኛዋ፣ ከእሷም ወደ ፀጉር መደብሩ የሚነዳው ይቀነሳል። ቤቷ ውስጥ ዘወትር ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውልና የሥራው ዋና ቦታ የሆነ ክፍል ካላት ግን ከቤት የሚነሳውም ይቆጠራል። ሳሎኑ ከሆነ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ከሆነ፣ አይሆንም።

አልማዝ በዚህ ዓይነት 1,200 ማይል ነዳች፤ 840 ዶላር ማለት ነው። ቀኑን፣ ከየት ወደ የት እንደሄደችና ማይሉን በዚያው ደብተር ስትጽፍ ነበር። በመኪና ጉዳይ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ «ወደዚህ ያህል ይሆናል» የሚባል ግምት አይቀበልም። መጋቢት ላይ ተቀምጦ የተጻፈ ማስታወሻ ያስታውቃል፦ ቁጥሩ ሁሉ በዜሮ ያልቃል፤ ደመወዝ ሥራ ላይ በነበርንበት ቀንም ሹሩባ ሠርተን እንገኛለን።

ወጪዋ ሁሉ ሲደመር 3,470 ዶላር ሆነ። ከ11,000 ሲቀነስ ትርፏ 7,530 ነው፤ ሼጁል ሲ በሚባለው ቅጽ የሚገባውም ይኸው ነው። በዚህ ትርፍ ላይ ሁለት ዓይነት ታክስ አለ። አንደኛው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ነው። በደመወዝ ሥራ 7.65 ከመቶ እኛ እንከፍላለን፣ 7.65 ደግሞ አሠሪው ይጨምራል። በግል ሥራ አሠሪዋም ሠራተኛዋም እኛው ስለሆንን 15.3 እንከፍላለን። የሚሰላው ከትርፉ 92.35 ከመቶ ላይ ነው፤ ለአልማዝ 1,064 ዶላር ይሆናል። ሁለተኛው ተራው የገቢ ታክስ ነው። የመጀመሪያው ታክስ ግማሽና ለግል ሥራ የሚፈቀደው 20 ከመቶ ቅናሽ ከወጡ በኋላ፣ እሷ በምትገኝበት የ12 ከመቶ እርከን ወደ 672 ዶላር ይመጣል። ለፌዴራል በድምሩ 1,736 ሆነ። ለሜሪላንድና ለሞንትጎመሪ ካውንቲ በአንድነት ወደ 8 ከመቶ ስለሆነ 556 ያህል ይጨመራል።

ደብተርና ደረሰኝ ባይኖራትስ? ወጪዋን ማስረዳት አትችልምና ታክሱ በሙሉው 11,000 ላይ ይወድቃል። ፌዴራሉ 2,535፣ የሜሪላንዱ 813 ይሆናል። ልዩነቱ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፤ ይህም የዘጠኝ ተኩል ራስ ሹሩባ ዋጋ ነው።

ታክስ ሠሪ ነን ከሚሉ አንዳንዶች «ደረሰኝ ባይኖርሽም 6,000 ወጪ እናስገባልሻለን» ማለታቸውን እንሰማለን። ቅጹን የምትፈርመው ባለጉዳይዋ ናት፤ ሲጠየቅም ደብዳቤው የሚመጣው ወደ እሷ ቤት ነው። ሌላም ጉዳት አለው። ከአገር ቤት ቤተሰብ ለማምጣት የድጋፍ ቅጽ ስንሞላ ኢሚግሬሽን የሚያየው በታክስ የታወቀውን ገቢ ነው፤ ለሞርጌጅ ስንጠይቅም ባንኩ እንዲሁ ያደርጋል። በሐሰት ወጪ የተበላ ገቢ ያን ጊዜ የለም።

የሚያስጨንቀው ብዙውን ጊዜ በሚያዝያ 15 ያን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማግኘቱ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ከ1,000 ዶላር በላይ የፌዴራል ዕዳ ካለም የዘገየ ክፍያ ቅጣት ሊጨመር ይችላል። በዓመት አራት ጊዜ እየከፈሉ መሄድ ይቻላል፤ ደመወዝ ላላት ሴት ግን ከዚያ የሚቀል መንገድ አለ። ለደመወዝ ክፍሉ አዲስ ደብልዩ ፎር ሞልተን፣ በአራተኛው ክፍል ሐ ፊደል ላይ «ከያንዳንዱ ክፍያ ተጨማሪ ይቆረጥ» በሚለው ቦታ ቁጥር እናስገባለን። አልማዝ በየሁለት ሳምንቱ፣ በዓመት 26 ጊዜ ትከፈላለች፤ 1,736 ለ26 ሲካፈል 67 ዶላር ይሆናል። ለሜሪላንዱ ኤም ደብልዩ 507 በሚባለው ቅጽ 22 ዶላር ታስቆርጣለች። ሥራው ከበዛ ወይም ከቀነሰ ቁጥሩን በማንኛውም ጊዜ መለወጥ ይቻላል። ለምን ይጨመራል ብሎ አሠሪው አይጠይቅም፤ ቅጹም ምክንያት አይጠይቅም።

ደብተሩና ፎቶዎቹ ቅጹ ከገባ በኋላ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቀመጡ። ስልክ ስንቀይር ፎቶዎቹ አብረው መሻገራቸውን እንይ።

ከቡናው በኋላ በሂሳብ ሥራ ላይ ያለን አባላት በጎን ጠረጴዛው ላይ እንቀመጣለን። ደብልዩ ፎሩን ለመሙላት የምትፈልጉ የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀታችሁንና የሦስት ወር የጎን ሥራ ገቢያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ለአንድ ሰው ሩብ ሰዓት ይበቃል።