ፎቶ የሚደረድር ፕሮግራም

ዛሬ የማወጋችሁ በፎልደር የተጠራቀመ ፎቶን ከነመግለጫው ወደ ፓወርፖይንት ስለሚያስገባ ሙያ ነው። መሣሪያው python-pptx ይባላል፤ ለፓይተን የተሠራ፣ በነጻ የሚገኝ ነው። `pip install python-pptx` ብሎ መጫን ይበቃል፤ ፋይሉን ለመሥራት ፓወርፖይንት ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም ግድ የለውም።

እንበልና አንድ የሰፈር እድር የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነው። ጸሐፊው 120 ፎቶ ሰብስቧል፤ ግማሹ ከአልበም በስካነር የተነሳ፣ ግማሹ ከስልክ የመጣ። በእያንዳንዱ ሥር ማን ከማን ጋር እንደቆመ ሊጻፍ ነው። ፓወርፖይንት ራሱ የፎቶ አልበም የሚሠራበት መንገድ አለው፤ ነገር ግን ከፎቶው ሥር የሚጽፈው የፋይሉን ስም ነው። ስልክ ያወጣለት የቁጥር ስም ደግሞ ለእድርተኛው ምንም አይነግረውም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከኤክሴል ነው። በአንዱ ዓምድ የፋይሉ ስም፣ በሌላው መግለጫው ይጻፋል። ሲቀመጥ «CSV UTF-8» የሚለው ይመረጥ፤ ተራው CSV ከተመረጠ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይቀራል። በፓይተን ሲነበብ ደግሞ `encoding="utf-8-sig"` ይባል። አለዚያ ኤክሴል ከፋይሉ መጀመሪያ የሚያስገባው የማይታይ ምልክት ከመጀመሪያው ዓምድ ስም ጋር ይጣበቅና ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ ዓምድ የለም» ይላል። ቅደም ተከተሉም ከዚሁ ሠንጠረዥ ይወሰድ። የፎልደሩ ስሞች በፓይተን እንደ ፊደል ከተደረደሩ 10.jpg ከ2.jpg ይቀድማል።

ቀጥሎ የሚመጣው የስላይዱ ልክ ነው። መሣሪያው ካልተነገረው የሚከፍተው የድሮውን ቅርጽ፣ ወርዱ 10፣ ቁመቱ 7.5 ኢንች የሆነውን ስላይድ ነው። ለዛሬ ስክሪን ወርዱን 13.333 ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ ለፎቶው ወርዱ 12፣ ቁመቱ 6 ኢንች የሆነ ቦታ እንስጠው፤ የተረፈው ለመግለጫው ይሁን። ወርድንም ቁመትንም እንዳለ ሰጥተን ፎቶውን ካስገባነው ግን ይለጠጣል፤ ቆሞ የተነሳው ሽማግሌ ከወገቡ ሰፍቶ ይታያል። መፍትሔው ይህ ነው፦

```python
k = min(12 / w, 6 / h)
```

w እና h የፎቶው ወርድና ቁመት በፒክስል ናቸው። ወርዱ 4000፣ ቁመቱ 3000 የሆነ ፎቶ እንውሰድ። 12 ለ4000 ሲካፈል 0.003፣ 6 ለ3000 ሲካፈል 0.002 ይሆናል። ትንሹን ይዘን ወርዱንም ቁመቱንም ስናባዛበት ፎቶው 8 በ6 ኢንች ይወጣል። የቆመው፣ 3000 በ4000 የሆነው ደግሞ 4.5 በ6። ሁለቱም መልካቸው ሳይዛባ ይገባሉ፤ ከስላይዱ ወርድ የተረፈውን ለሁለት ከፍሎ መሀል ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ የስልክ ፎቶ ያታልላል። ስልክ ፎቶውን በጎኑ አስቀምጦ «ሲታይ ይዙር» የሚል ማስታወሻ ብቻ ይጽፍበታል። python-pptx ይህን ማስታወሻ ስለማያይ ሰዎቹ ስላይዱ ላይ ተጋድመው ይገኛሉ። ፒሎው በሚባለው ሌላ የፓይተን መሣሪያ `ImageOps.exif_transpose` ብሎ ፎቶውን በእውነት ማዞር ያስፈልጋል፤ ልኩም የሚወሰደው ከዚያ በኋላ ነው። የአይፎን HEIC ፎቶ ደግሞ ጭራሽ አይገባም፤ አስቀድሞ ወደ JPEG ይቀየር።

የመሣሪያው ድክመት ጽሑፉ ላይ ነው። ስላይዱን ስለማይስለው፣ መግለጫው ከሳጥኑ ይትረፍ አይትረፍ አያውቅም። ረጃጅሞቹን በፊደል ቁጥር ለይቶ ጽሑፋቸውን ማሳነስ ይቻላል፤ የመጨረሻው ፍርድ ግን የዓይን ነው።

እንግዲህ ሙያው ያዋጣል? ለ10 ፎቶ አያዋጣም፤ በእጅ ይሻላል። የሚያዋጣው መግለጫው ሲለዋወጥ ነው። በበዓሉ ዋዜማ አንዲት እናት «እሱ እኮ ታናሹ ነው» ቢሉ፣ ጸሐፊው ሠንጠረዡን አርሞ ፕሮግራሙን እንደገና ያስነሳል፤ 120ው ስላይድ እንደ አዲስ ይሠራል። ያኔ ግን በእጅ የተነካካው ሁሉ ይጠፋል። ስላይዱ በራሱ እንዲያልፍ ማድረጊያው በዚህ መሣሪያ ቀጥተኛ ትእዛዝ ስለሌለው፣ ፓወርፖይንት ውስጥ የሚሞላው ከመጨረሻው እርማት በኋላ ነው። ስምና ዓመት ስላይዱ ላይ አይታረም፤ ሠንጠረዡ ላይ ይታረም።