የቅናሽ ማስታወቂያና የጥድፊያው ምክንያት



በነፋስ ስልክ አንድ ቀለም ሻጭ በበሩ ላይ «እስከ 50 በመቶ ታላቅ ቅናሽ! ሳያልቅ ፍጠኑ!» ብሎ ለጠፈ እንበል። «እስከ» የምትለው ትንሽ ቃል ብዙ ትደብቃለች፤ ግማሽ ዋጋ የሚቀነስለት አንድ ዓይነት ቀለም ብቻ ሊሆን ይችላልና። ለጥድፊያውም ምክንያት አልተሰጠም። እውነተኛው ምክንያት የቀለሙ የመጠቀሚያ ጊዜ መቃረቡ ከሆነ፣ ሻጩ ሊሰውረው የሚፈልገው ይኸው ነገር መጻፍ ይገባዋል፦

«ባለ 20 ሊትር ነጭ የግድግዳ ቀለም፣ ከ4,000 ብር ወደ 3,200 ብር። የመጠቀሚያ ጊዜው ጥር 30 ቀን ያበቃል። የቀረው 40 ባልዲ ነው። የተከፈተ አይመለስም።»

ቀድሞ በ4,000 ብር ይሸጥ እንደነበር ደረሰኝ ይመስክር፤ አርባኛው ባልዲ ሲሸጥም ወረቀቱ በዚያው ዕለት ይነሣ።