የጣሪያ እንጨት ርዝመት፤ ከስፋትና ከርቀት ተነሥቶ እንዴት እንደሚሰላ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)




አንድ የጣሪያ ሥራ በመካከሉ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ የኃይል ስሌቱ ተሳስቶ አይደለም። የሚቆመው እንጨቱ ስለሚያንስ ነው። ትረሶቹ ተሰቅለው፣ ማገሩ ተጀምሮ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ሲቀሩ ሞራሌው ያልቃል። የሥራው ቦታ ከከተማ የራቀ ከሆነ ለጥቂት እንጨት ሲባል የጭነት መኪና እንደገና መከራየት ግድ ይሆናል። ይህን ወጪ የሚሸሽ አናጢ ደግሞ ቁርጥራጩን በሁለት ትረሶች መካከል በአየር ላይ ይቀጥላል፤ ጣሪያውም በጥቂት ክረምት ውስጥ ይጎብጣል። ስለዚህ የዚህ ንግግር ርእስ የእንጨቱ ውፍረት ሳይሆን ርዝመቱና ቁጥሩ ነው። ውፍረቱ የራሱ ስሌት ያለው ሌላ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ እንደ ተወሰነ ተቆጥሯል።

ጉዳዩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከተሏል። ሁለት የመማሪያ ክፍሎች ያሉት፣ ሁለት ተዳፋት ያለው ቆርቆሮ ክዳን ቤት ነው። የግድግዳው ውፍረት 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ከውጭ ፊት እስከ ውጭ ፊት ያለው ስፋት 7.20 ሜትር ሲሆን፣ ከአንዱ ጫፍ ግድግዳ መካከል እስከ ሌላው ጫፍ ግድግዳ መካከል ያለው ርዝመት 18.00 ሜትር ነው። ትረሱ ከባሕር ዛፍ አጣና፣ ማገሩ ደግሞ ከ5 በ7 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ ይሠራል። ሞራሌው የሚገዛው በ4 ሜትር ርዝመት፣ ቆርቆሮው በ2 ሜትር ርዝመት ነው።

፩. ወራጁ

የወራጅ ርዝመት የሚጀምረው ከአግድም ልክ ነው። የስፋቱ ግማሽ 3.60 ሜትር ነው፤ በዚህ ላይ ክፈፉ ይደመራል። ክፈፉ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አግድም ልኩ 4.20 ሜትር ይሆናል። ይሁን እንጂ ወራጁ የሚተኛው በተዳፋት ላይ ስለሆነ ልኩ ከአግድሙ ይበልጣል። በየ3 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ ለሚል ተዳፋት ማባዣው 1.054 ነው። በየ4 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ ሲል 1.031፣ በየ2 ሜትሩ ሲሆን ደግሞ 1.118 ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች የሚገኙት አግድሙንና ከፍታውን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ፣ ደምሮ፣ የድምሩን ካሬ ሥር በማውጣትና በአግድሙ በማካፈል ነው። በመሆኑም 4.20 በ1.054 ሲባዛ 4.43 ሜትር ይመጣል።

እዚህ ላይ ከመቁረጥ በፊት ቆርቆሮውን መጠየቅ ይገባል። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ቢደረብ፣ ሁለት ሙሉ ቆርቆሮ 3.80 ሜትር ይሸፍናል፤ ሦስት ሙሉ ቆርቆሮ 5.60 ሜትር ይሸፍናል። 4.43 ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። ነገር ግን አንድ ቆርቆሮ ለሁለት እኩል ሲቆረጥ አንዱ ግማሽ ለአንደኛው ተዳፋት፣ ሌላው ግማሽ ለሁለተኛው ይውላል፤ በእያንዳንዱ ተዳፋት ላይም ሽፋኑ 4.60 ሜትር ይሆናል፤ የሚጣል ቁራጭም አይኖርም። ክፈፉ ከ60 ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል አግድሙ 4.30፣ ወራጁ 4.53 ሜትር ይሆናል። ቆርቆሮው በክፈፉ በኩል 5 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ወደ አሸንዳው ሲያንጠባጥብ የሚቀረው 2 ሳንቲ ሜትር በድርቡ ውስጥ ይዋጣል። ስለዚህ ወራጁ 4.53 ሜትር እንዲሆን ይወሰናል። አሥር ሳንቲ ሜትር የተጨመረለት ክፈፍ ግድግዳውን ከዝናብ ይበልጥ ይጠብቃል። የወራጁ ጫፍ ግን ከግድግዳው ራስ 23 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ስለሚል የመስኮትና የበር መዝጊያ ወደ ውጭ ሲከፈት እንዳይነካው በቅድሚያ መታየት አለበት።

በዚህ ደረጃ ሁለት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው አግድሙን እንደ ወራጅ ርዝመት መውሰድ ነው። ወራጁ 4.30 ሜትር ሆኖ ቢቆረጥ የጎደለው 23 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይመስላል፤ ጉድለቱ በሙሉ የሚወድቀው ግን በክፈፉ ላይ ነው። የ70 ሳንቲ ሜትሩ ክፈፍ ወደ 48 ይወርዳል። ሁለተኛው ስሕተት ስፋቱን ከክፍሉ ውስጥ መለካት ነው። ከውስጥ የሚገኘው 6.80 ሜትር ስለሆነ በእያንዳንዱ ጎን የግድግዳው ውፍረት፣ ማለትም 20 ሳንቲ ሜትር፣ ይጠፋል። ሁለቱ ስሕተቶች ሲደራረቡ ከክፈፉ የሚቀረው 29 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ለአጣናው የሚሰጠው ትእዛዝ 4.53 ሳይሆን 4.75 ሜትር ያህል መሆን ይኖርበታል፤ በአናቱና በክፈፉ በኩል ዝንባሌውን ይዞ ለመቁረጥ ትርፍ ያስፈልጋልና። አጣና ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ እንጨት ስለሆነ ውፍረቱ የሚለካው በቀጭኑ ጫፍ ነው። ሲሰቀል ወፍራሙ ጫፍ ወደ ግድግዳው ይደረጋል፤ ወራጁና የታች አግዳሚው የሚገናኙበት ቦታ ትልቁን ኃይል የሚሸከምና ብዙውን ምስማር የሚቀበል ነውና።

፪. የትረሶቹ ቁጥርና ማገሩ

በትረስ መካከል ያለው ርቀት 1.50 ሜትር ቢወሰን፣ 18.00 ለ1.50 ሲካፈል 12 ይመጣል። አሥራ ሁለት ግን የክፍተቶቹ ቁጥር እንጂ የትረሶቹ ቁጥር አይደለም። ትረሶቹ 13 ናቸው፤ ወራጆቹም 26። ርዝመቱ እኩል ሳይካፈል ሲቀር፣ ለምሳሌ 17.40 ሜትር ቢሆን፣ ውጤቱ ወደ ላይ ተጠጋግቶ 12 ክፍተት ይደረግና ርቀቱ ወደ 1.45 ይወርዳል። ርቀቱን ማስፋት ግን በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ከ1.50 ወደ 1.80 ሜትር ሲሰፋ በማገሩ ላይ የሚመጣው የማጉበጥ ኃይል በ44 በመቶ ያድጋል።

የማገሮቹን ቦታ የሚወስነውም ቆርቆሮው ነው። ከወራጁ ጫፍ ተነሥቶ ሲለካ የመጀመሪያው ማገር በ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ይውላል። የመጀመሪያው ድርብ ከ1.75 እስከ 1.95 ሜትር ስለሚሆን ከሥሩ በ1.85 ላይ ማገር ይፈልጋል። ሁለተኛው ድርብ ደግሞ በ3.65 ላይ ይፈልጋል። በእነዚህ መካከል በ0.95 እና በ2.75 ላይ አንዳንድ ሲጨመር፣ የመጨረሻውም ከአናቱ አጠገብ በ4.45 ላይ ሲውል፣ በአንድ ተዳፋት 6 መስመር፣ በጠቅላላው 12 መስመር ይሆናል። የተለመደው 90 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከየት እንደ መጣ ከዚህ ይታያል፤ 2 ሜትር ቆርቆሮ ድርቡ ሲቀነስለት የሚቀረው 1.80 ግማሽ ነው። የቆርቆሮው ርዝመት ወይም ድርቡ ሲለወጥ ይህም ርቀት አብሮ መለወጥ አለበት። አለዚያ የድርቡ ምስማር እንጨት ሳያገኝ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው የእጥረት ምንጭ ይደረሳል። ጣሪያው በእያንዳንዱ ጫፍ ከግድግዳው መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ቢወጣ የአንድ ማገር መስመር 19.20 ሜትር ነው፤ አሥራ ሁለቱ 230.40 ሜትር ይሆናሉ። ይህ ለ4 ሲካፈል 58 ሞራሌ ይመጣል። ጠንቃቃ የሆነ ሰው ለብክነት 10 በመቶ ጨምሮ 64 ያዝዛል። ሁለቱም ቁጥሮች አይበቁም፤ ምክንያቱም ማገር የሚቀጠለው በትረስ ላይ ብቻ ነው።

አንዱን መስመር በሐሳብ መዘርጋት ይበቃል። የመጀመሪያው ሞራሌ ከጣሪያው ጫፍ ተነሥቶ 60 ሳንቲ ሜትሩንና ሁለት ክፍተት ይዞ 3.60 ሜትር ላይ ትረስ ያገኛል። የሚቀጥለው ሁለት ክፍተት፣ ማለትም 3.00 ሜትር ይሸፍናል፤ ሦስተኛው ክፍተት ላይ ለመድረስ 4.50 ሜትር መሆን ነበረበት። ስለዚህ መስመሩ 3.60፣ ከዚያም አራት ጊዜ 3.00፣ በመጨረሻም 3.60 ሆኖ ይከፈላል፤ ድምሩ 19.20 ነው። ለአንድ መስመር 6 ሞራሌ፣ ለ12 መስመር 72 ሞራሌ ያስፈልጋል። በ58 ለጀመረ ሰው 14፣ በ64 ለጀመረ ሰው ደግሞ 8 ሞራሌ ይጎድላል። እንግዲህ ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው ጠቅላላውን ሜትር በማካፈልና መቶኛ በመጨመር ሳይሆን አንድ መስመር በወረቀት ላይ ሥሎ በመቁጠር ነው።

ቅጥሉ የሚደረገው ሁለቱን ሞራሌዎች በትረሱ ላይ ጎን ለጎን በማስተኛት ሲሆን እያንዳንዱ ከትረሱ 20 ሳንቲ ሜትር አልፎ ይሄዳል። በዚህም የጫፎቹ ሞራሌዎች 3.80፣ የመካከሎቹ 3.40 ሜትር ይሆናሉ። ከእያንዳንዱ የመካከል ሞራሌ 60 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ይተርፋል፤ በጠቅላላው 48 ቁራጭ ነው። ማገሩ በተዳፋቱ ላይ እንዳይንሸራተት በእያንዳንዱ ወራጅ ላይ ከበታቹ የሚመታ ትንሽ ደጋፊ እንጨት ያስፈልገዋል። አሥራ ሦስት ትረስና 12 መስመር ሲባዙ 156 ደጋፊ ይሆናሉ። አንዱ ቁራጭ ለአራት ሲከፈል ከ15 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ያነሱ 192 ደጋፊዎች ይገኛሉ። ስለዚህ ብክነት የሚመስለው ሁሉ ብክነት አይደለም፤ ቁራጩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ከታወቀ ለደጋፊ ሌላ እንጨት መግዛት አያስፈልግም።

፫. የኮርኒሱ ሞራሌ

ከታች ለኮርኒሱ የሚመታው 4 በ5 ሳንቲ ሜትር ሞራሌም በዚሁ መንገድ ይሰላል፤ ርቀቱን የሚወስነው ግን የኮርኒሱ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው 1.22 በ2.44 ሜትር ከሆነ ርቀቱ የ1.22 ግማሽ፣ 61 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የክፍሉ የውስጥ ስፋት 6.80 ለ0.61 ሲካፈል 11 አልፎ ጥቂት ስለሚተርፍ 12 ክፍተትና 13 መስመር ይሆናል። እያንዳንዱ ክፍል በውስጥ 8.80 ሜትር ይረዝማል። ከግድግዳው ፊት ተነሥቶ ትረሶቹ የሚገኙት በ1.40፣ በ2.90፣ በ4.40፣ በ5.90 እና በ7.40 ላይ ነው። ስለዚህ መስመሩ 2.90፣ 3.00 እና 2.90 ሆኖ በሦስት ሞራሌ ያልቃል። ለሁለቱ ክፍሎች 26 መስመር፣ 78 ሞራሌ ማለት ነው። በሜትር ብቻ ቢሰላ ግን 58 ይበቃል ይባል ነበር።

፬. በሥራው ቦታ ላይ የሚደረግ ፍተሻ

ስሌቱ የሚፈተነው በመሬት ላይ ነው። ግድግዳው ካለቀ በኋላ ስፋቱ በሁለቱ ጫፎችና በመካከል እንደገና ይለካል፤ በሥራ ላይ ያለ ግድግዳ ከሥዕሉ ጥቂት ሳንቲ ሜትር መለየቱ የተለመደ ነው። ከዚያ የመጀመሪያው ትረስ በደልዳላ መሬት ላይ ተሠርቶ ሁለቱ ወራጆች ከአናት እስከ ጫፍ እኩል መሆናቸው ይረጋገጣል። ሌሎቹ 12 ትረሶች የሚቆረጡት በእርሱ ላይ እየተለኩ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ እየተለካ አይደለም፤ አለዚያ ትንሽዋ ስሕተት ከትረስ ወደ ትረስ እያደገች ትሄዳለች።

ሲሰቀልም የመጀመሪያውና የመጨረሻው ትረስ ቀድመው ይቆማሉ፤ ከአናት ወደ አናትና ከጫፍ ወደ ጫፍ ሲባጎ ይወጠራል። አጣና ፍጹም ቀጥ ያለ ስላልሆነ ከሲባጎው በላይ የወጣው ይጠረባል፤ የዘቀጠው ከማገሩ ሥር ስስ እንጨት ይደረግለታል። ይህ ያልተደረገለት ጣሪያ በድርቦቹ ላይ በሚታየው ክፍተት ይታወቃል። አጣናው እርጥብ ሆኖ ከተመታ ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ምስማሩም ይላላል፤ እንዲህ ዓይነቱ እንጨት በልኩ ትክክል ቢሆንም በቦታው አይጸናም።

እንግዲህ በምሳሌው ቤት 26 ወራጅ፣ 72 የማገር ሞራሌና 78 የኮርኒስ ሞራሌ ይታዘዛል። ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱም በመቶኛ የተገኘ አይደለም። ሁሉም የተገኙት ቆርቆሮው፣ ትረሱና በገበያ የሚገኘው የእንጨት ርዝመት በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው። የስፋቱ ልክ ሲለወጥ ወራጁ፣ የትረስ ርቀት ሲለወጥ የማገሩ ቅጥል፣ የሰሌዳው ልክ ሲለወጥ የኮርኒሱ መስመር እንደገና መሣል ይኖርበታል።