ጋዋኑ ሲወልቅ የሚቀረው

ዛሬ በአንዲት ሲስተር ልጀምር። ስሟን አልጠራም፤ እርሷ መሆኗ እንዳይታወቅም ታሪኳን ወደ እኔ ከመጡ ሌሎች ሰዎች ታሪክ ጋር ቀላቅዬዋለሁ። በሕፃናት ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ስትመጣ "ደከመኝ" አላለችም፤ "ክፉ ሰው ሆንኩ" ነበር ያለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጇ ትኩሳት አልወርድ ያላት አንዲት እናት ሦስት ጊዜ ትጠራታለች። በሦስተኛው "ሌላም በሽተኛ አለ እኮ!" ብላ ትጮህባታለች። ያን ዕለት ማታ የገዛ ልጇ ሁለት ጊዜ ሳል ሲላት ደግሞ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ስትቆጥር ታነጋለች። ሥራ ቦታ ልቧ ደንድኖ፣ ቤቷ ስትገባ ትሸበራለች። ሁለቱ አብረው ሲታዩ እኔ የምጠረጥረው የርኅራኄ መዛልን ነው።

ስሙ እኛ ያወጣነው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ካርላ ጆይንሰን በነርሶች መጽሔት ላይ ጻፈችበት፤ ቻርልስ ፊግሊ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ደግሞ በ1995 መጽሐፍ አወጣበት። የሌላውን ሰው መከራ ቀን በቀን የሚሰማና የሚያይ ሰው፣ አደጋው በራሱ ላይ የደረሰ ያህል ሊታመም ይችላል ነው ነገሩ።

ብዙ ጊዜ ከተራ የሥራ መሰልቸት ጋር ይምታታል። መሰልቸቱን የሚያመጣው ሥራው ራሱ ነው፦ የተረኛው ማነስ፣ የደመወዙ ነገር፣ የማይሰማ አለቃ። እንዲህ ያለው ባንክ ቤትም ይገኛል። የርኅራኄ መዛል ግን የሚመጣው ከሰው ሥቃይ ነው። እኔ ለመለየት የምጠይቀው ቀላል ጥያቄ አለኝ፦ "ዓይንሽን ስትጨፍኚ የሚመጣብሽ የተረኛ ሰሌዳው ነው ወይስ የሰው ፊት?" ሲስተር ጥቂት ዝም አለችና "አራት ቁጥር አልጋ" አለችኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ሕፃናት የሞቱት እዚያ አልጋ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ግሉኮስ ለማምጣት እንኳ በዚያ በኩል አታልፍም፤ ዞራ ነው የምትሄደው። እርግጥ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊደራረቡ ይችላሉ። ስለዚህ ያለፉትን 30 ቀናት የሚጠይቅ፣ 30 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ መሰልቸቱን፣ የሌላው ሰቆቃ ያሳደረውን ጭንቀትና ከሥራው የሚገኘውን እርካታ ለየብቻ ይለካል። በሽታ አለብህ ብሎ ግን አይፈርድም።

እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እንቀመጣለን፣ እናለቅሳለን፣ እግዜር ያጽናችሁ እንባባላለን። ሲስተር ግን ሕፃኑ እንዳረፈ አንሶላውን ቀይራ የሚቀጥለውን ትቀበላለች። ለእርሷ ለቅሶ ደራሽ የለም። ለቅሶው ታዲያ ሻይ ሰዓት ላይ ሾልኮ ይወጣል፤ የሕፃኑን ዓይን፣ የእናቲቱን ጩኸት አንድ ሳታስቀር ትተርካለች። አብራት ሻይ የምትጠጣው ባልደረባዋ በቦታው ያልነበረች ናት፤ አሁን ግን እርሷም ያንን ዓይን ይዛ ቤቷ ትገባለች። አስተማሪውም እንዲሁ ነው፤ "ስለ ቤተሰቤ" ብሎ ድርሰት ካዘዘ በኋላ፣ ከጦርነት ሸሽቶ የመጣው ተማሪ የጻፈውን መምህራን ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ያነበዋል። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ደግሞ አንዱን የጥቃት ታሪክ ለፖሊስ፣ ለሐኪም ቤት፣ ለመጠለያ እያለች ሦስቴ ትጽፈዋለች።

አትናገሩ ማለቴ አይደለም። ፍራንስዋዝ ማቲዩ የተባለች ካናዳዊት ባለሙያ ያስተማረችው አነጋገር አለ፤ ከሲስተር ጋር የተለማመድነውም እርሱን ነው። ባልደረባዋን በኮሪደር ከመያዝ ይልቅ "ዛሬ ከባድ ነገር ገጥሞኛል፣ የሕፃን ሞት ነው፤ አሁን ብነግርሽ ትችያለሽ?" ትላታለች። ያቺም "ዛሬ አልችልም፣ ነገ" የማለት መብት አላት። እሺ ካለች፣ ከዳር ይጀመራል፦ "አራት ቁጥር ላይ የነበረው አረፈ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የዋለው።" ብዙ ጊዜ የሚያቃልለው ይህችኛዋ ዐረፍተ ነገር ናት። የዓይኑ ነገር ካስፈለገ በኋላ ይመጣል፤ ላያስፈልግም ይችላል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ አደጋ በደረሰ ማግስት ሠራተኛውን ሰብስቦ "ሁላችሁም ያያችሁትን ተናገሩ" ይላል። በጥናት ሲፈተሽ፣ የአንድ ቀን ግዴታ ንግግር በኋላ የሚመጣውን ሕመም ሲከላከል አልታየም፤ አንዳንዱን ሰው እንዲያውም አባብሶበታል።

የክፍሉ ኃላፊ ሰምታት ሁለት ነገር አደረገች። አራት ቁጥርን ለጥቂት ሳምንታት ለሌላ ሰው ሰጠች። ሕፃን ሲሞትም አጠገቡ የነበረችው ነርስ ቀጣዩን በሽተኛ ከመቀበሏ በፊት ሃያ ደቂቃ እንድትወጣ ፈቀደች። ከሁለት ወር በኋላ ሲስተር በአራት ቁጥር በኩል ማለፍ ጀመረች፤ የልጇ ሳል ግን አሁንም ይቀሰቅሳታል። ሃያ ደቂቃውም ቢሆን ለቀን ተረኛ ነው የሚሠራው። ሌሊት ሁለት ነርሶች ብቻቸውን ሲሆኑ፣ አንዷ ብትወጣ ክፍሉን ማን ይይዘዋል?