የዳጣው ቪዲዮ የት ገባ?

በዲምቱ በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ባለፈው ስንገናኝ «ዳጣ ስትፈጩ የሚያሳየውን ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ለቀናል ትላላችሁ፤ አጫጭሮቹ ሲያልፉ ግን አንድም ቀን አላየነውም» ብላችሁን ነበር። እውነታችሁን ነው። እኛም «ሥራችንን ሰው ንቆት ይሆን?» እያልን ከርመን ነበር። ጥፋቱ ግን ከአቀራረጻችን ኖሯል።

የመጀመሪያውን ስንቀርጽ ወፍጮ ድንጋዩም፣ በርበሬውም፣ የሁላችንም ፊት እንዲገባ ብለን ስልኩን አግድም ያዝን። 40 ሴኮንድ ስለሆነ በቃ አጭር ነው አልን። ዩቲዩብ ሾርትስ የሚለው ግን ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ ወይም እኩል የሆነውን ነው። አግድም ከሆነ የቱንም ያህል ቢያጥር ከረጃጅሞቹ ጋር ይመደባል። በርዝመት በኩል እንኳ ሰፊ ነው፤ ከጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ የሚጫን እስከ 3 ደቂቃ ይፈቀድለታል።

ሁለተኛውን ቀጥ አድርገን ቀረጽን። 1 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ሆነ። ባዶ እንዳይሆን ብለን ሁላችንም የምንወደውን የሰርግ ዘፈን ከኋላ አስገባንበት። ያ ዘፈን ነው የቀበረው። ከ1 ደቂቃ በላይ የሆነ ሾርትስ የሌላ ሰው የቅጂ መብት ጥያቄ ከተነሳበት፣ ጥያቄው እስኪነሳለት ድረስ በየትም አገር አይታይም።

ይህን ያወቅነው ለአንዷ ልጅ ኮምፒውተር ምስጋና ይግባውና studio.youtube.com ብለን ስንገባ ነው። በግራ በኩል Content የሚለውን ተጫንን። አግድሙ ቪዲዮ Videos ሥር ተቀምጧል፤ ቀጥ ያለው Shorts ሥር። እንግዲህ ምድቡ የሚለየው እዚያ ነው። ቀጥሎ Visibility የሚለውን ዓምድ ማየት ነው፤ Public ካላለ፣ ለምሳሌ Unlisted ከሆነ፣ ሊንኩ የተላከለት ሰው ብቻ ያየዋል። አጠገቡ Restrictions አለ። የእኛ Copyright ይል ነበር። እሱን ስንነካው የትኛው ዘፈን እንደሆነና ምን እንዳስከተለ ተጽፎ አገኘነው።

ዘፈኑን ቆርጦ ማውጣት እዚያው ይቻላል። እኛ ግን ዋናው ቀረጻ ስልካችን ላይ ስለነበረ፣ ዘፈኑን ትተን የድንጋዩን ድምፅና የራሳችንን ወሬ ብቻ ይዘን እንደ አዲስ ጫንነው። በነገራችን ላይ ያለ ዘፈኑ ይሻላል፤ ነጭ ሽንኩርቱ ሲደቅ ይሰማል።

ከሁለት ቀን በኋላ የቪዲዮውን Analytics ከፍተን ተመልካች ከየት እንደመጣ አየን። Shorts feed የሚል መስመር ወጥቷል፤ ገብቷል ማለት ነው። ያ መስመር ኖሮ ተመልካቹ ጥቂት ከሆነ ግን ችግሩ የመከልከል አይደለም፤ ሰው ጀምሮ እያለፈው ነው። የእኛ መጀመሪያው ላይ ነጠላ ስናስተካክል ያሳያል፤ የሚቀጥለውን ከበርበሬው እንጀምራለን።

አግድሙን አላጠፋነውም። ሊንኩ የተላከላችሁ ደጋፊዎቻችን እንደ በፊቱ ታዩታላችሁ።