ሁሉንም ቃል ሳናነብ መልሱን ማግኘት
(በዓርብ ስብሰባችን ላይ ከአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ የእረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ከሳልሚያም ከፈርዋንያም ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አይኤልትስ ፈተና የንባብ ክፍል ነው። ለሥራና ለኑሮ ወደ ሌላ አገር መሄድ የምናስብ ብዙዎቻችን የምንፈተነው ጀነራል ትሬኒንግ የሚባለውን ነው።

መጀመሪያ የራሴን ውድቀት ልንገራችሁ። ለወራት ያጠራቀምኩትን ዲናር ከፍዬ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ ቃል በቃል ማንበብ ያዝኩ፤ የማላውቀው ቃል ሲመጣ ቆም ብዬ አስባለሁ። ሰዓቱ ሲያልቅ ገና 23ኛው ጥያቄ ላይ ነበርኩ። ሦስተኛውን ክፍል ዓይኔም አላየውም። የጣለኝ እንግሊዝኛዬ ብቻ አልነበረም፤ አነባበቤም ጭምር ነው።

ፈተናው 40 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ነው። ሦስት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው አጫጭር ማስታወቂያ፣ ሁለተኛው ስለ ሥራ ቦታ፣ ሦስተኛው አንድ ረጅም ጽሑፍ። እየከበደ ስለሚሄድ እኔ 15፣ 20 እና 25 ደቂቃ አድርጌ እከፍለዋለሁ። ደግሞም ልብ በሉ፤ በንባብ ክፍል መልስ ለመገልበጥ ተጨማሪ ሰዓት አይሰጥም።

አሁን ጀምዒያ ገብታችሁ ማዳም ያዘዘችውን ሩዝ ስትፈልጉ አስቡ። እያንዳንዱን ዕቃ አታነቡም። መጀመሪያ ከላይ የተሰቀለውን ምልክት አይታችሁ መደርደሪያውን ትለያላችሁ። ያ ስኪሚንግ ነው። ከዚያ ዓይናችሁ የሚፈልገው ያንን የሩዝ ስም ብቻ ነው። ያ ደግሞ ስካኒንግ ነው። ስታገኙት ግን ዋጋውንና ኪሎውን ቆም ብላችሁ ታነባላችሁ። እኛ ብዙ ጊዜ የምንረሳው ይህን ሦስተኛውን ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ የመዋኛ ቦታ ማስታወቂያ መጣ እንበል። አራት አንቀጽ አለው፤ የሚከፈትበት ሰዓት፣ ዋጋ፣ ልጆች፣ ቀጠሮ መሰረዝ። ርዕሶቹን ብቻ በግማሽ ደቂቃ እዩና ወደ ጥያቄው ሂዱ። ጥያቄዎቹ ትሩ፣ ፎልስ ወይም ኖት ጊቭን የሚሉ ናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «በበዓል ቀን ዝግ ነው» ይላል። ሰዓት የሚለውን አንቀጽ ስናይ የቅዳሜና የእሁድ ሰዓት አለ፤ ስለ በዓል የተጻፈ ግን የለም። መልሱ ኖት ጊቭን ነው። «መቼም በበዓል ይዘጋል» ብለን ከራሳችን አንጨምርም።

ሁለተኛው «ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከወላጁ ጋር ብቻ ነው የሚገባው» ይላል። 8 የሚለውን ቁጥር ፈልጉ፤ ቁጥር ከፊደል መሃል ቶሎ ይታያል። ጽሑፉ «ከማንኛውም አዋቂ ጋር» ይላል። እንግዲህ አክስትም ሞግዚትም ልታስገባው ትችላለች፤ መልሱ ፎልስ ነው። ቁጥሩን አይታ ትሩ ብላ የምትሮጥ እዚህ ትወድቃለች። ኦንሊ፣ አንለስ፣ ኤክሴፕት የሚሉ ቃላት ሲመጡ ፍጥነታችሁን ቀንሱ።

ሦስተኛው «ከአንድ ቀን በፊት ከሰረዙ ገንዘቡ ይመለሳል» ይላል። ማኒ የሚለውን ብትፈልጉ አታገኙም። ጽሑፉ የሚለው «24 ሰዓት ቀድሞ ላሳወቀ ሙሉ ሪፈንድ» ነው። ፈታኞቹ ቃሉን ይለውጡታል፤ ስለዚህ ከመፈለጋችሁ በፊት «ይህ በሌላ ቃል እንዴት ይባላል?» በሉ። መልሱ ትሩ ነው።

እንዲህ ባሉ ጥያቄዎች መልሶቹ የሚገኙት በጽሑፉ ቅደም ተከተል ነው። ሁለተኛውን ካገኛችሁ ሦስተኛውን ከዚያ በታች ፈልጉ፤ ወደ ላይ አትመለሱ። ለአንቀጽ ርዕስ ምረጡ ሲባል ግን ቃል መፈለግ አይረዳም። አንድ ቃል በሦስት አንቀጽ ሊገኝ ይችላል። እዚያ የአንቀጹን የመጀመሪያና የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አንብቡ፤ ካልበቃችሁ መሃሉን ጨምሩ።

አንድ ጥያቄ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከያዛችሁ ገምታችሁ እለፉ። ለስህተት ነጥብ አይቀነስም፤ ባዶ መተው ነው ኪሳራው። «ከሁለት ቃል ያልበለጠ» ከተባለ ደግሞ ሦስት ቃል ብትጽፉ ሐሳቡ ልክ ቢሆንም አይቆጠርላችሁም።

መለማመጃ አጣሁ አትበሉ። ማታ ቤቱ ሲተኛ በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለውን የእንግሊዝኛ ወረቀት አውጡ። «በቀን ስንት ጊዜ? ማን መውሰድ የለበትም? የት ይቀመጥ?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ጻፉና በስልካችሁ ሦስት ደቂቃ ሞልታችሁ ፈልጉ። ከዚያ ያለ ሰዓት ቀስ ብላችሁ አንብቡና መልሳችሁን አርሙ። የተሳሳታችሁት ቦታውን ስላጣችሁ ነው ወይስ ቦታውን አግኝታችሁ በጥድፊያ ስላነበባችሁ? የእኔ ሁለተኛው ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ ሰዓት እየያዝን አብረን እንሠራለን።